ሃምሳ ሰው፣ ሁለት ጀልባ፣ አንድ ቀብድ

እህቴ ደብረ ማርቆስ መምህርት ናት። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ተማሪዎቿን ጣና ልታሳይ ታመጣለች። የስም ዝርዝራቸውን በባለ ካሬ የሒሳብ ወረቀት ጽፋ፣ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ዘንድሮ ከዝርዝሩ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ የሚል ታክሎበት መጣ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ለሆቴሉ 39 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቻለሁ። አሁን ሁለት ልጆች ቀሩብኝ። ወላጆቻቸው ብራችንን መልሺ እያሉኝ ነው። ሆቴሉ ይመልስልኛል?»

ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ዓመታት ስለ ሠራሁ ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም። ድሮ ከባንኮኒው ማዶ ቆሜ ስንቱን መምህር እንዳስኮረፍኩበት እኔ አውቃለሁ። ጥቅምት 8 ቅዳሜ ነበር፤ ራሷ መጣች። ቡናው እስኪፈላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከሥሩ ጀመርነው።

«ምንድን ነው የገዛሽው?» አልኳት።

«የሃምሳ ሰው ጉዞ» አለች። አርባ ስድስት ተማሪና አራት መምህር ማለቷ ነው።

ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ መልስ ነው። ሆቴል የሃምሳ ሰው ጉዞ የሚባል ዕቃ የለውም። ያለው ክፍል ነው፣ ምግብ ነው፣ ከወደቡ የሚያስመጣው ጀልባ ነው። አንድ ትልቅ ቡድን ቦታ ሲይዝ ሦስት ነገሮች በሦስት የተለያዩ ቀኖች ይቆረጣሉ። መጀመሪያ የሚቆረጠው ቦታው ነው። ቀብድ በተቀበልኩበት ቀን ለሁለት ሌሊት 25 ክፍል ከሰሌዳዬ ላይ አነሣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለእነዚያ ሌሊቶች የሚመጣውን እንግዳ «ሞልቷል» ብዬ እመልሳለሁ። ቀጥሎ ቁጥሩ ይቆረጣል። ወጥ ቤቱና ገበያ የሚወጣው ሰው የሚፈልጉት ስንት ሰው እንደሚበላ ብቻ ነው፤ ልጁ አበበ ይሁን ከበደ አይገዳቸውም። በመጨረሻ ስሙ ይመጣል። ስም የሚያስፈልገው ክፍል ለማደልና የእንግዳ መዝገብ ለመሙላት ስለሆነ፣ ሦስት ቀን ሲቀር ቢደርሰኝም ሥራዬን አይበድልም።

አንድ ልጅ «ቀረ» ሲባል እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከሦስቱ የትኛው ተነካ የሚለው ነው። በእሱ ምትክ ሌላ ልጅ ከመጣ የተነካው ስም ነው። ማንም ካልተተካ ቁጥር ተነካ። በመቅረቱ ሙሉ ክፍል ባዶ ከሆነ ደግሞ ቦታውም ተነካ ማለት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው እነዚህን ተከትሎ ነው፤ የልጁን ስም ተከትሎ አይሄድም።

ሒሳቡን በወረቀቱ ጀርባ ጻፍነው። ዋጋውን እዚህ ላይ ለስሌት እንዲመች አስተካክዬዋለሁ፤ የማንም ሆቴል ታሪፍ አይደለም። አውቶቡሱን ትምህርት ቤቱ ለብቻው ስለ ተከራየ አላስገባነውም። የቀረውን ሁሉ፣ ጀልባውን ጭምር፣ ሆቴሉ በአንድ ሒሳብ ያዘጋጃል።

ተማሪዎቹ 24 ወንዶችና 22 ሴቶች ናቸው። በአንድ ክፍል ሁለት ሁለት ሲገቡ ለወንዶቹ 12፣ ለሴቶቹ 11 ክፍል ይሆናል። ሁለቱ ወንድ መምህራን አንድ ክፍል፣ እህቴና ባልደረባዋ አንድ ክፍል ይይዛሉ። በድምሩ 25። አንዱ ክፍል ለአንድ ሌሊት 1,200 ብር ቢሆን፣ ለዓርብና ለቅዳሜ ሌሊት 60,000 ብር ነው። ምግብ ከዓርብ ራት እስከ እሑድ ቁርስ ለአንድ ሰው 900 ብር፣ ለሃምሳው 45,000 ብር። የገዳም መግቢያ በሰው 100 ብር፣ 5,000 ብር። ወደ ዘጌ የሚወስዱ ሁለት ጀልባዎች፣ እያንዳንዳቸው ከአስጎብኚው ሌላ 25 ሰው የሚይዙ፣ በ9,000 በ9,000 ብር፣ 18,000 ብር። ለሁለት አስጎብኚ 2,000 ብር። ሁሉም ሲደመር 130,000 ብር ሆነ፤ ለሃምሳ ሲካፈል ለአንድ ሰው 2,600። እህቴ ለወላጆች የነገረችው ይህንኑ 2,600 ነው። ሆቴሉ ከጠቅላላው 30 በመቶ ቀብድ ጠየቀ፤ 39,000 ብሩ ከዚህ የመጣ ነው።

«አሁን አንድ ልጅ አስቀሪ» አልኳት። «ስንት ብር ከሒሳቡ ወረደ?»

«2,600።»

አልወረደም። ልጁ ስላልበላ 900፣ ገዳም ስላልገባ 100፣ የወረደው 1,000 ብር ብቻ ነው። ጀልባው 24 ሰው ቢጭንም 25 ቢጭንም ያው 9,000 ብር ነው፤ ጀልባ በጉዞ ይከፈለዋል እንጂ በነፍስ ወከፍ አይከፈለውም። አስጎብኚውም እንደዚያው። ክፍሉም አልተለቀቀም፤ አብሮት ሊያድር የነበረው ልጅ ብቻውን ይተኛበታል። ከ2,600 ብሩ ውስጥ 1,600ው ልጁ ቢመጣም ባይመጣም የሚወጣ ወጪ ነው።

የቀሩባት ሁለቱም ሴቶች መሆናቸው ጠቀማት። ሴቶቹ 20 ሲሆኑ 10 ክፍል ይበቃቸዋል፤ አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ። የሁለቱ ምግብና መግቢያ 2,000፣ የተለቀቀው ክፍል ለሁለት ሌሊት 2,400፣ በድምሩ 4,400 ብር ሊወርድ ይችላል። ወላጆቹ የሚጠይቁት ግን 5,200 ነው። 800 ብሩ የጀልባና የአስጎብኚ ድርሻቸው ነበር። እህቴ 5,200 ብር ልመልስ ብትል ያንን 800 ብር ቀሪዎቹ 48 ሰዎች መሸፈን አለባቸው፤ በሰው ወደ 17 ብር ማለት ነው። ብሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን 44 ወላጅ ዘንድ ደውሎ 17 ብር ጨምሩ የሚል መምህር አይቼ አላውቅም፤ ከኪሱ ከፍሎ ዝም ይላል። ከአንዱ ቀሪ በኋላ ሌላው ሲከተል ግን ዝም የሚባል አይሆንም። ለወላጅ ከመነሻው «ልጅዎ ቢቀር የምመልሰው ሆቴሉ የሚቀንስልኝን ነው» ብሎ መንገር ይሻል ነበር።

ብቸኛው ጥያቄ ሆቴሉ 4,400 ብሩን የመቀነስ ግዴታ አለበት ወይ የሚለው ሆነ። ደረሰኙን ከቦርሳዋ አወጣች። «ለተማሪዎች መስተንግዶ የተሰጠ ቀብድ፣ ብር 39,000» ይላል፤ ሌላ አንድም ቃል የለበትም።

ቀብድ ስንል እንደ ዘበት ነው የምንጠራው። ሕጉ ግን ቃሉን ቁም ነገር አድርጎ ነው የያዘው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለ ቀብድ ይደነግጋል። የመጀመሪያው፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ወይ ይመለሳል ወይ ከዋጋው ይታሰባል ይላል። ሦስተኛው ጥርስ ያለው ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። በእህቴ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ጉዞውን ቢሰርዝ 39,000 ብሩ ቀረ ማለት ነው። ሆቴሉ ደግሞ ሰርግ አገኘሁ ብሎ ተማሪዎቹን ቢያባርር 78,000 ብር ይቆጥራል። ይህን ሁለተኛውን ጎን ብዙ ደንበኛ አያውቀውም፤ እኛ ባንኮኒው ላይ ያለነውም አንነግርም ነበር።

ደረሰኙ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው ላይ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ ጉዞው ቢሰረዝ ምን ይሁን የሚለው በውሉ ቃልና በአጠቃላዩ የውል ሕግ ይታያል እንጂ እንደ ቀብድ በራሱ ጊዜ አይቀርም፣ እጥፍም አይሆንም። ብሩ ያው ብር ነው፤ አንድ ቃል ግን እንዲህ ያገላብጠዋል። ስለዚህ ደረሰኝ ሲቆረጥ ቆሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

እህቴን ግን ያስጨነቃት መሰረዝ አልነበረም፤ መቀነስ ነው። እነዚህ ሦስት አንቀጾች ደግሞ ስለ መቀነስ ምንም አይሉም። ውሉ ቆሞ ሳለ ሃምሳው አርባ ስምንት ቢሆን ምን ይሁን የሚለውን ለተዋዋዮቹ ትተውታል። ተዋዋዮቹ ካልጻፉት ደግሞ የሚወስነው የእንግዳ ተቀባዩ የዕለቱ ስሜት ነው። እኔ ራሴ አንዱን ትምህርት ቤት ቀንሼ ሌላውን እንቢ ያልኩበት ጊዜ አለ፤ ልዩነቱ አንደኛው መምህር ቀድሞ መደወሉ፣ ሁለተኛው በር ላይ ደርሶ መናገሩ ነበር።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ገጽ ጻፍን። ሆቴሉ ሰኞ እንዲፈርምበት ነው። ቃሉ ይኸው፦

«ጠቅላላ ዋጋው 130,000 ብር ሲሆን የተሰጠው 39,000 ብር ቀብድ ከዚሁ ይታሰባል። ጥቅምት 15 ቀን ሌላ 26,000 ብር ይከፈላል፤ ቀሪው እንግዶቹ እሑድ ከመውጣታቸው በፊት ይከፈላል። እስከ ጥቅምት 15 ድረስ እስከ አምስት ሰው ቢቀነስ የምግቡና የመግቢያው ዋጋ፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ የተለቀቀ ክፍል ዋጋ ከሒሳቡ ይወርዳል። ከዚያ ቀን በኋላ ቁጥሩ አይቀነስም፤ ሰው በሰው ግን እስከ ኅዳር 2 ድረስ ያለ ክፍያ ይተካል። መተካቱ ተጨማሪ ክፍል ወይም አልጋ ካስፈለገው ልዩነቱን ትምህርት ቤቱ ይከፍላል።»

«ይቺን ደግሞ እኔ እጨምራለሁ» ብላ እህቴ ከሥሩ ጻፈች፦ «መንገድ ቢዘጋ ወይም ጀልባ እንዳይወጣ ቢከለከል ቀብዱ ሁለቱ ወገኖች ወደሚስማሙበት ሌላ ቀን ይዛወራል።» እኔ አላሰብኩትም ነበር።

አምስት ሰው ያልነው በዘፈቀደ አይደለም። ሆቴሉ ያለ ገደብ ቅነሳ አይፈርምም፤ ሃምሳ ብሎ ቦታ ይዞ ሠላሳ ይዞ የሚመጣ ቡድን ሌላውን ገበያ ዘግቶበታልና። ከሃምሳ ውስጥ አምስት፣ አሥር በመቶ መሆኑ ነው፣ ሁለቱም ወገን የሚችለው መጠን ነው። ቀኑን ጥቅምት 15 ያደረግነውም ጉዞው ኅዳር 5 ዓርብ ስለሚጀመር ነው። ሃያ ቀን ሲቀር የተለቀቀ ክፍል ሌላ እንግዳ ያገኛል። ሦስት ቀን ሲቀር የተለቀቀ ግን ባዶውን ያድራል።

ሆቴሉ ፈረመ። ሒሳቡ 125,600 ብር ሆነ።

ስለ መቀነስ ይህን ያህል ካልኩ ስለ መጨመር አንድ ነገር ልናገር፤ መምህራን ቀላል የሚመስላቸው እሱ ነውና። «ሦስት ልጅ ብቻ ጨምሩልኝ» ይላሉ። ምግብ ይጨመራል፤ ሽሮው ላይ ጥቂት ውኃ ነው። አልጋም ይገኛል፤ ኤክስትራ አልጋ ይዘረጋል። ጀልባ ግን አይለጠጥም። ሁለቱ ጀልባዎች የሚይዙት 50 ነው፤ 51ኛው ልጅ ሦስተኛ ጀልባ ያስወጣል። 2,600 ብር የከፈለ ልጅ 9,000 ብር ጀልባ ይዞ መጣ ማለት ነው። አንድ ሰው በግድ ማጨቅስ? ጀልባ ላይ ያለው የላይፍ ጃኬት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ጣናም ጠዋት እንደ ሰሌዳ ለጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሌላ ውኃ ይሆናል። ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሲመለሱ ነው ነፋሱ የሚገኛቸው። ስለዚህ ትርፍ ልጅ ሲመጣ ከዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው «ተጠባባቂ» በሚል ይጻፋል፤ አንዱ ሲቀር ነው የሚገባው።

የስም ለውጥ ወደተባለው እንምጣ። ጥቅምት 26 እህቴ ደወለች። አንድ ወንድ ተማሪ ቀረ፤ ከተጠባባቂዎቹ አንዲት ልጅ ተተካች። «ቁጥሩ ያው 48 ነው፤ ስም ብቻ ነው የተቀየረው» አለች፣ ደስ ብሏት።

ወረቀት አምጪ አልኳት። ወንዶቹ 24 ነበሩ፤ 12 ክፍል። ሴቶቹ 20፤ 10 ክፍል። አሁን ወንዶቹ 23 ሲሆኑ 12 ክፍል ያው ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ልጅ ብቻውን ያድራል። ሴቶቹ 21 ሲሆኑ 11 ክፍል። ቁጥሩ ሳይነካ አንድ ክፍል ጨመረ፣ ለሁለት ሌሊት 2,400 ብር። ሁለት ጥንድ ቁጥሮች በአንድ ልጅ ሁለት ጎዶሎ ሆኑ። ይህን ነገር እንግዳ መቀበያ ላይ ስንት ጊዜ አየሁት! መምህሩ «አንድም ሰው አልጨመርኩም» ይላል፤ እውነቱን ነው። እኔም «ክፍል አልበቃም» እላለሁ፤ እኔም እውነቴን ነው። በስም ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የጾታ ዓምድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አንዱን የሴቶች ክፍል ባለ ሦስት ማድረግ ነበር። ኤክስትራ አልጋ በሌሊት 400 ቢሆን ለሁለት ሌሊት 800 ብር። ሒሳቡ 126,400 ብር ሆነ። ብቻውን የቀረውን ልጅ ከወንድ መምህራኑ ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል እንዲሰጠው አስያዝን። መምህር ከተማሪ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማሳደር ግን ክፍል ለማብቃቃት ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ያው ጾታ ጀልባውንም ይነካዋል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ከጎኑ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ያስገባል። ሴትና ወንድ ተማሪ ይዞ የሚመጣ ትምህርት ቤት ዘጌን የሚመርጠው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሁሉንም ስለሚያስገቡ ነው፤ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ጉዞ አይሆንም። ከጾታው ቀጥሎ ደግሞ የምግብ ዓምድ አለ። ዓርብ ራት ጾም ነው፤ ለሙስሊም ተማሪዎች ደግሞ ቅዳሜ ሥጋ ሲቀርብ ለብቻ ይጠየቃል። ጉዞው ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ቢሆን ኖሮ ዓርቡም ፍስክ በሆነ። ቀን የሚያዛውር መምህር ይህን ካልነገረ ወጥ ቤቱ ምስር ቀቅሎ ይጠብቀዋል።

አሁን ዝርዝሩን እንዴት እንደሚይዙት ልንገራችሁ። ጥፋቱ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ላይ ሳይሆን እዚህ ነውና።

እህቴ ልጅ ሲቀር ስሙን በነጭ ቀለም አጥፍታ በላዩ የተተካውን ትጽፍ ነበር። ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ለሒሳብ ግን መርዝ ነው። ማን በማን እንደተተካ፣ የማን ወላጅ ከፍሎ የማን እንዳልከፈለ ዱካው ጠፋ። አሁን የምታደርገው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጓዥ፣ መምህራኑም ጭምር፣ ተራ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ አንዴ ከተሰጠ ለሌላ አይሰጥም። 17 ቁጥር ሲቀር በስሙ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፤ ከስር ያለው ስም መነበብ አለበት። ጎኑ ላይ «26/2 ቀረ፣ በ51 ተተካ» ይባላል። አዲሷ ልጅ ከዝርዝሩ መጨረሻ 51 ሆና ትገባለች። ወላጅ በቴሌብር ሲከፍል የግብይት ቁጥሩ ከዚያው ረድፍ ላይ ይሰፍራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ወደ መምህሩ የግል ስልክ መላክ ለምዷል፤ የሚመጣው መልእክት ደግሞ የላኪውን እንጂ የልጁን ስም አይናገርም። አጎት ልኮ ሊሆን ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ ረድፉ ላይ ካልሰፈረ በሳምንቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ቁጥር ለምን? ስማቸው እያለ» የሚል ካለ የእኛን ፊደል ያስብ። ሆቴሉ ዝርዝሩን ኮምፒዩተር ላይ ይገለብጠዋል። እህቴ «ፀሐይ» ብላ የጻፈቻትን ጸሐፊዋ «ጸሀይ» ብላ ታስገባታለች። ስናነበው አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያየው፤ «ፀሐይ» ብለህ ብትፈልግ «የለችም» ይልሃል። ኃይለ፣ ሀይለ፣ ሐይለ፤ ሠናይት፣ ሰናይት፤ ዓለም፣ አለም፤ እያንዳንዱ አንድ ልጅን ሁለት ያደርጋል። በዚህ የተነሣ አንዲት ልጅ ሁለቴ ተመዝግባ ዝርዝሩ 49 ሲል ስንት ሰዓት እንደፈጀብን! ቁጥር ግን 23 ሁሌም 23 ነው። ደግሞም በአንድ ክፍል ሁለት «ሀና አበበ» መኖራቸው ብርቅ አይደለም፤ ለዚህ የአያት ስም ይጻፋል።

የትምህርት ቤት ማኅተምን በተመለከተም አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ለመታወቂያ ያልደረሱ ናቸው፤ ሆቴሉ መዝገቡን የሚሞላው ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤና ከዝርዝሩ ነው። ትጉህ መምህር ይህን አውቆ መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ዝርዝር አስመትቶ ይልካል። ከዚያ ልጅ ሲቀየር ርእሰ መምህሩን ፈልጎ እንደገና፣ እንደገና። መጨረሻ ላይ ሆቴሉ እጅ አራት ማኅተም ያለባቸው አራት የተለያዩ ዝርዝሮች ይቀመጣሉ፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኛ የምናደርገው፣ ረቂቁ ያለ ማኅተም በቴሌግራም ይሄዳል፤ ከላይ ቀኑና «2ኛ»፣ «3ኛ» የሚል ይጻፍበታል። ማኅተም የሚያርፈው ኅዳር 2 ቀን በተዘጋው ላይ ብቻ ነው። አንድ ማኅተም፣ አንድ ዝርዝር።

ኅዳር 5 ጠዋት ደግሞ የማይቀረው ደረሰ። አንድ ወንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ቀረ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሩብ ጉዳይ ነው፤ ተጠባባቂ ለመጥራት ጊዜ የለም፤ በወረቀቱም ቢሆን ቀኑ አልፏል። ሆቴሉ የሚቀንሰው ነገር የለበትም። ብቻ እህቴ ከደብረ ማርቆስ ሳትወጣ ደውላ ስለ ነገረቻቸው የቅዳሜውን ምሳ በአንድ ሰው ቀንሰው ሠሩ፤ ገንዘቡንም ተዉላት። ይህ ግዴታቸው አልነበረም። ከጠዋት ያልተነገረው ወጥ ቤት ግን ያንን ማድረግ አይችልም ነበር። የልጁ መቅረት አንድ ሌላ ነገር አቀለለ፦ ወንዶቹ 22 ሲሆኑ ብቻውን ሊያድር የነበረው ልጅ ጓደኛ አገኘ።

ለቤተሰቡ ምን ይመለስ የሚለው ላይ እህቴና እኔ አልተስማማንም። እሷ ልጁ ታሟል፣ ግማሹን እንመልስ ትላለች። እኔ ሆቴሉ የቀነሰውን ምሳ ብቻ እላለሁ፤ ግማሹ ከየት ይመጣል? እስካሁን እንከራከራለን።

ቅዳሜ ከወደቡ ስንነሣ እኔም ነበርኩ። ጀልባው አጠገብ ቆማ በማኅተሙ ዝርዝር ትጠራ ጀመር፤ በስም ሳይሆን በቁጥር፣ እያንዳንዱ ቁጥሩን ሲሰማ ላይፍ ጃኬቱን ተቀብሎ ይገባል። «14፣ 15፣ 16፣ 18...» አለች።

«ቲቸር፣ 17ን ዘለሉት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«17 የለም። 51፣ ነይ ግቢ።»